የገምጋሚ ደብዳቤ ረቂቅ፦ «ቋንቋው ጥገኛ ዓረፍተ ነገር የለውም» ለሚል ጸሐፊ

ሰዋስው_ወዳድ

ሰላም ለሁላችሁ። ለማስተርስ ተማሪዎች የጆርናል ግምገማ ልምምድ እያዘጋጀሁ ነው። መነሻው የታወቀው ጉዳይ ነው፤ የሥነ ልሳን ባለሙያው ዳንኤል ኤቨረት በ2005 «ከረንት አንትሮፖሎጂ» ላይ፣ ብራዚል ውስጥ በማይሲ ወንዝ ዳር በጥቂት መቶ ሰዎች የሚነገረው ፒራሃ ዓረፍተ ነገርን በዓረፍተ ነገር ውስጥ አያስገባም ያለበት። ጽሑፉ ዛሬ ለግምገማ ቢመጣ ብዬ ነው ደብዳቤውን የጻፍኩት። ክፍተቱን ንገሩኝ።

«ክቡር ጸሐፊ፣

ጽሑፍዎን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ከተናጋሪዎቹ ጋር ለዓመታት ኖረው የሰበሰቡት መረጃ በቀላሉ የማይገኝ ነው፤ የመረጃውን እውነተኛነት አልጠራጠርም። የምጠራጠረው ከመረጃው ወደ ድምዳሜው የተሄደበትን መንገድ ነው።

አንደኛ፣ ቅጥያው «-ሳይ»። ‹ፍላጻ መሥራት አሳምሮ ያውቃል› ተብሎ የተተረጎመው ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ሲፈታ ‹እሱ፣ ማየት-አሳምሮ፣ ፍላጻ፣ መሥራት-ሳይ› ነው። በ1986ቱ የሰዋስው ገለጻዎ «-ሳይ» ግሱን ወደ ስም የሚቀይር፣ ‹ፍላጻ መሥራት› የሚለውንም ጥገኛ የሚያደርግ ቅጥያ ነበር። አሁን ግን አድማጭ አስቀድሞ የሚያውቀውን ነገር የሚያመለክት ብቻ ነው ይላሉ። ዓረፍተ ነገሩ ያው ነው፤ የተለወጠው ስያሜው ነው። ለለውጡ ያስገደደዎት አዲስ መረጃ የትኛው እንደሆነ ይግለጹ።

ሁለተኛ፣ ሁለቱ ክፍሎች ጎን ለጎን የተቀመጡ ራሳቸውን የቻሉ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው ይላሉ። ይህ ሊፈተን የሚችል ሐሳብ ነው፤ ግን አልተፈተነም። አሉታው የሚያርፈው በየትኛው ክፍል ላይ ነው? ጥያቄውስ? በመካከላቸው የትንፋሽ ዕረፍት አለ?

ሦስተኛ፣ ‹አላገኘሁም› እና ‹የለም› አንድ አይደሉም። ስንት ዓረፍተ ነገር እንደመረመሩ፣ ምን ዓይነት ንግግር እንደሆነ፣ አሻሚ የሆኑትን በየትኛው ወገን እንደቆጠሩ አልተገለጸም።

ጽሑፉ ከፍተኛ ማሻሻያ ተደርጎበት እንደገና እንዲቀርብ ሐሳብ አቀርባለሁ።»

እስካሁን ይህን ይመስላል። በተለይ ሁለተኛው ነጥብ ቀጥኖብኛል።

ዋርካ_ሥር

ወንድሜ ደብዳቤህ ጥሩ ነው፤ ግን ይሄ «-ሳይ» የሚባለው ከእኛው «ሳይበላ»፣ «ሳይመጣ» ካለው ጋር ይመሳሰላል። የእኛም እኮ ጥገኛ ነው፤ «ሳይበላ» ብለህ ዝም ብትል ሰው «እሺ፣ ከዚያስ?» ይልሃል። ስለዚህ የእነሱም ጥገኛ ነው ማለት አይቻልም?

መምህር_ዘ

የድምፅ መገጣጠም ነው እንጂ ዝምድና የለውም። የእኛው ከግሱ በፊት የሚገባና አሉታ ያለበት ነው፤ የእነሱ ከግሱ በኋላ የሚመጣና አሉታ የሌለበት ነው። ነገር ግን «እሺ፣ ከዚያስ?» ያልኸው ጥሩ ፈተና ነው። አንድ ክፍል ብቻውን ተነግሮ ያበቃል ወይስ አድማጭ ቀጣዩን ይጠብቃል? በ«-ሳይ» ያለቀ ግስ ብቻውን ሙሉ ንግግር መሆን ከቻለ የጸሐፊውን ሐሳብ ይደግፋል፤ ካልቻለ ደግሞ የገምጋሚውን። ይህ ጥያቄ ደብዳቤው ውስጥ ይግባ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ። ሰዋስው_ወዳድ፣ ለተማሪዎችህ «አሉታውን ፈትኑ» ብቻ ብትላቸው አይገባቸውም፤ በአማርኛ አሳያቸው። እነዚህን ሁለቱን ውሰድ፦

«ምሳውን በላ። አልሄደም።»
«ምሳውን በልቶ አልሄደም።»

የመጀመሪያው ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። «አል-...-ም» የሚነካው መሄዱን ብቻ ነው፤ መብላቱ ተነግሮ ያለቀ ነገር ነው። ሁለተኛውን ግን ምሳ ሳይበላ ለሄደ ሰው መናገር እንችላለን፤ «ምሳውን በልቶ አልሄደም፤ ጦሙን ነው የወጣው» እንላለን። አሉታው በ«ሄደ» ላይ ተጽፎ ወደ ኋላ ዘልቆ «በልቶ»ን ይነካል። እንዲህ የሚሆነው «በልቶ» በ«ሄደ» ሥር ስለሆነ ነው። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ነፃ ዓረፍተ ነገሮች ቢሆኑ የአንዱ አሉታ ወደ ሌላው አይሻገርም ነበር።

ስለዚህ ጸሐፊውን «አሉታን ይፈትኑ» ከማለት ይልቅ «አሉታ በዋናው ግስ ላይ ብቻ ያለበትን ዓረፍተ ነገር ይውሰዱና፣ በ‹-ሳይ› ያለቀው ድርጊት ያልተፈጸመበትን ሁኔታ ሊገልጽ ይችል እንደሆነ ያሳዩ» ብትለው ምን እንደሚሠራ ያውቃል።

ሀናን_ቢ

ይቅርታ፣ ነገሩን እያከበዳችሁት ነው መሰለኝ። ፒራሃዎች የሰው ንግግር ይጠቅሳሉ አይደል? «እገሌ እሄዳለሁ አለ» የሚል ካላቸው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ዓረፍተ ነገር ገባ ማለት ነው። የኤቨረት ሐሳብ በዚያው ወደቀ። ገምጋሚው ይህን አንድ መስመር ጽፎ ቢጨርስስ?

መምህር_ዘ

ግማሹ ልክ ነው። ጥቅስ አላቸው፤ ኤቨረት ራሱ «ኮኦይ ሊሄድ ያስባል አልኩ» ተብሎ የሚተረጎም ምሳሌ ይሰጣል። እሱ ግን ቃል በቃል «የእኔ ማለት፤ ኮኦይ ሊሄድ ያስባል» እያለ በሁለት ይከፍለዋል። ጥቅስ መኖሩ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ ምክንያቱም የተጠቀሰ ንግግር ሰዋስዋዊ ትስስር ሳይኖረው ከጎን ሊቀመጥ ይችላል። አንድ ሰው የበር መንኳኳት ድምፅ አሰምቶ «አለ» ቢል፣ ያ ድምፅ ጥገኛ ዓረፍተ ነገር ነው አንልም።

እዚህ ላይ አማርኛ በዓለም ሥነ ልሳን ዘንድ ታዋቂ ምሳሌ ነው። «ዮሐንስ ጀግና ነኝ ይላል» የምንለው «ነኝ» የሚያመለክተው ተናጋሪውን እኔን ሳይሆን ዮሐንስን ነው። ላይ ላዩን ሲታይ «ጥቅስ ነው፤ የዮሐንስን ቃል እንዳለ ማስቀመጥ ነው» ያሰኛል። ግን ይህን ጠይቂ፦

«አበበ ምን እገዛለሁ አለ?»

ጠያቂው አበበ ሊገዛ ያሰበውን ዕቃ ማወቅ ይፈልጋል፤ መልሱም «በሬ» ነው። አበበ «ምን እገዛለሁ?» ብሎ ራሱን ጠየቀ ማለት ብቻ አይደለም። «ምን» ከውስጠኛው ግስ ጋር ሆኖ የጥያቄነት ኃይሉ ግን መላውን ዓረፍተ ነገር ይሸፍናል። ንጹሕ ጥቅስ ውስጥ ያለ ቃል እንዲህ ወደ ውጭ አይወጣም። ስለዚህ የአማርኛው «እገዛለሁ» በአንደኛ መደብ ቢሆንም ከጥቅስ ያለፈ፣ በእርግጥ የገባ ዓረፍተ ነገር ሊሆን ይችላል።

ገምጋሚው እንግዲህ «ጥቅስ አላቸው» ብሎ መደምደም አይችልም፤ ጸሐፊውም «ጥቅስ ነው» ብሎ ማምለጥ አይችልም። ሁለቱም የ«ምን»ን ጥያቄ ማቅረብ አለባቸው።

ሀናን_ቢ

እሺ፣ ይሄ ገባኝ። ግን «ምን እገዛለሁ አለ»ን እኔ ራሴ ሁለት መልኩን እሰማዋለሁ። አበበ ግራ ተጋብቶ «ምን እገዛለሁ?» ያለ እንደሆነም ይሠራል።

መምህር_ዘ

አሻሚ ነው፤ እሱ አይጎዳንም። የሚያስፈልገን አንደኛው ትርጉም *መገኘቱ* ነው። ችግሩ ሌላ ነው፤ አሻሚነቱን አንቺ የሰማሽው ቋንቋሽ ስለሆነ ነው። ፒራሃ ላይ ይህን ትርጉም እንዲህ ቁጭ ብሎ ራሱን የሚሰማ የሥነ ልሳን ባለሙያ የለም።

ፍራንክፈርት_ዳዊት

ደብዳቤው ላይ የጎደለ አንድ ነገር አለ። ጸሐፊው አንድ ደረጃ ማስገባትን እና ደጋግሞ ማስገባትን እየቀላቀለ ነው። ኔቪንስ፣ ፔሴትስኪና ሮድሪጌስ በ2009 «ላንጉዊጅ» ላይ በመለሱት ረጅም ትችት ይህን በደንብ አንስተውታል፤ ምሳሌያቸው ደግሞ ጀርመንኛ ነው። በፒራሃ «የእገሌ ልጅ» ይባላል፤ «የእገሌ ልጅ ቤት» ተብሎ አይደራረብም ይላል ኤቨረት። ጀርመንኛም እኮ ከስሙ በፊት «የሃንስ መኪና» ይላል፤ ከዚያ በዚያው ስልት «የሃንስ መኪና ሞተር» ለማለት ስትሞክር ይሰበራል። ሌላ አገባብ መጠቀም አለብህ። ጀርመንኛ ጥገኛ ዓረፍተ ነገር የለውም የሚል ግን አልሰማሁም።

በአንድ አገባብ ላይ ያለ ገደብ የቋንቋው ሁሉ ገደብ አይደለም። አማርኛ «የአበበ እናት ቤት በር» እያለ ያለ ችግር ስለሚደራርብ ለእኛ ገደቡ እንግዳ ይመስለናል፤ የሚገርመው ግን እኛም «የ»ን አንዴ ብቻ ነው የምናሰማው፤ «የየየአበበ» አንልም።

ሌላም አለ። በፒራሃ ተራ ተሳቢ ከግሱ በፊት ይመጣል፤ በ«-ሳይ» ያለቀው ክፍል ግን በፍላጻው ምሳሌ ላይ «ማየት» ከሚለው ግስ *በኋላ* ነው ያለው። ኤቨረት «በተሳቢ ቦታ ካልተቀመጠ ተሳቢ አይደለም፤ ሌላ ዓረፍተ ነገር ነው» ሊል ይችላል። ጀርመንኛ ግን እዚህም ያስቸግረዋል፤ በጥገኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስም የሆነ ተሳቢ ከግሱ በፊት ሲሆን፣ ዓረፍተ ነገር የሆነ ተሳቢ ግን ከግሱ በኋላ ይወርዳል። ማንም ለብቻው የቆመ ነው አይልም።

ሰዋስው_ወዳድ

ይሄ ሁለተኛው ጥሩ ነው። ግን የቃላት ተራው ለሁለቱም ወገን ይሠራል፤ ነፃ ዓረፍተ ነገር ቢሆንም በኋላ ይመጣል፤ የወረደ ተሳቢ ቢሆንም በኋላ ይመጣል። ደብዳቤው ውስጥ «ይህ ማስረጃ ለማንም አያደላም» ብዬ ልጽፈው ነው።

ፍራንክፈርት_ዳዊት

በትክክል። ማስረጃ ነው ብሎ ካቀረበው ብቻ ንካው።

ተማሪ_ከአርባ_ምንጭ

መምህራን፣ እኔ ሌላ ነገር ልጠይቅ፤ ለቴሲሴ ከሽማግሌዎች አርባ ደቂቃ ያህል ተረት ቀድቼ ገልብጫለሁ። «ያየሁት ሰው» የሚል ዓይነት አንድ ጊዜ እንኳ አልወጣም፤ ሁሉም «ሰው አየሁ፤ ያ ሰው መጣ» እያሉ ነው የሚሄዱት። እኔም «ይህ ቋንቋ ጥገኛ ዓረፍተ ነገር የለውም» ብዬ ልጽፍ እችላለሁ ማለት ነው?

መምህር_ዘ

አትጻፍ። ገምጋሚው ሦስተኛው ነጥቡን ላንተ ነው የጻፈው።

ከፒራሃ ቁጥር ጋር እናነጻጽረው። በ2016 ፉትሬል፣ ኤቨረትና ባልደረቦቻቸው የፒራሃን ተረቶች ሰብስበው በ«ፕሎስ ዋን» አወጡ፤ ከ1,100 በላይ ዓረፍተ ነገር ነው። በውስጡ ጥርጥር የሌለበት ጥገኛ ዓረፍተ ነገር አላገኘንም ብለዋል። ዜሮ ሲገኝ የሚሠራበት ቀላል ሒሳብ አለ፤ 3ን ለናሙናው ቁጥር ታካፍላለህ። 3 ሲካፈል ለ1,100 ወደ 0.27 በመቶ ይመጣል። ትርጉሙ፦ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ልንል የምንችለው «ቢኖር እንኳ ከ370 ዓረፍተ ነገር ገደማ ከአንድ አይበልጥም» ነው። «የለም» አይደለም።

ለጸሐፊው ፍትሐዊ እንሁን፤ ይህ ትንሽ ግኝት አይደለም። የአማርኛ ተረት ብትወስድ «አንድ ገበሬ የነበረው...» ብሎ ገና ሲጀምር ጥገኛው ይመጣል። ፒራሃ ከዚህ በጣም ይለያል፤ ብርቅ መሆኑን የተረቶቹ ስብስብ በደንብ ያሳያል። ያንተን አርባ ደቂቃ ግን በዓረፍተ ነገር ቁጠረው፤ አራት መቶ ከሆነ ገደቡ 0.75 በመቶ ነው። የተረከልህ ሰው ሁለት ብቻ ከሆነ ደግሞ ሒሳቡም ይላላል፤ አንድ ተራኪ ልማዱ ከሆነ አርባውንም ደቂቃ እንዲያው ይሄዳል፤ አራት መቶው ዓረፍተ ነገር እርስ በርሱ ነፃ አይደለም።

ተማሪ_ከአርባ_ምንጭ

ሁለት ተራኪዎች ናቸው። ታዲያ ምን ላድርግ?

የቋንቋ_ጓዳ

ተረቱን ትተህ የሚያስገድድ ሁኔታ ፍጠር። ሦስት እንስራ ደርድር፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ አንዱን ሴትየዋ ሲያንኳኳው አንዱን ልጁ ሲያንኳኳው ሰዎቹ ይዩ። ከዚያ መመልከት ያልቻለ ሌላ ሰው ይምጣና «የትኛውን ላንሳ?» ብሎ ይጠይቃቸው። መልኩ፣ መጠኑ፣ ቦታው የማይለየውን ነገር ለመለየት «ልጁ ያንኳኳውን» የሚል ነገር ያስፈልጋል። አሁንም «ልጁ አንኳኳ፤ ያንን አንሳ» ካሉህ እሱም ውጤት ነው። ከዚያ በኋላ መምህር ያሉትን የአሉታ ፈተና ሂድበት፦ «ልጁ አንኳኳ፤ ያንን አታንሳ» እና የመሳሰለውን። ጣታቸውን እንዳይቀስሩ እንስራዎቹ ከተናጋሪው ጀርባ ይሁኑ፤ ይህ ካልተጠበቀ «ያንን» ብለው ያሳዩና ያበቃል።

ዋርካ_ሥር

እኔን የሚከነክነኝ ግን ይሄ ሁሉ ክርክር ሰዎቹን ኋላ ቀር ማድረግ አይደለም ወይ? ጥገኛ ዓረፍተ ነገር የላቸውም ማለት ውስብስብ ነገር ማሰብ አይችሉም ማለት አይሆንም?

ፍራንክፈርት_ዳዊት

ኤቨረት እንዲህ አላለም፤ ሐሳቡ በታሪክ ደረጃ ይያያዛል፣ በዓረፍተ ነገር ደረጃ ግን አይያያዝም ነው የሚለው። «ሚስማሩን አምጣ። ዳን ገዛው። ያው ነው» ዓይነት ነገር ብለው «ዳን የገዛውን ሚስማር አምጣ» ያሰኛሉ። ነገሩ የተጋጋለው የሰዎቹን አእምሮ ስለሚነካ አይመስለኝም፤ ሃውዘር፣ ቾምስኪና ፊች በ2002 «ሳይንስ» ላይ ሪከርሽን፣ ማለትም አንድን አገባብ በራሱ ውስጥ ደጋግሞ ማስገባት፣ ለሰው ቋንቋ ብቻ የተለየ ነገር ሊሆን ይችላል ስላሉ ነው። ገምጋሚው ግን ወደዚያ ባይገባ ይሻለዋል። «-ሳይ» ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ስለ ሰው ልጅ ቋንቋ መደምደም ጣሪያ ከግድግዳ በፊት ነው።

የቋንቋ_ጓዳ

በደብዳቤው አንደኛ ነጥብ አልስማማም። «በ1986 እንዲህ ብለህ ነበር» ማለት ማስረጃ አይደለም፤ ሰው ሐሳቡን ይለውጣል። እንዲያውም ያኔ የነበረው ገለጻ እያንዳንዱ ቋንቋ ጥገኛ ዓረፍተ ነገር አለው ከሚል ግምት ተነስቶ ሊሆን ይችላል፤ የፈለገውን ነገር አገኘ። ገምጋሚው የሚጠይቀው ለውጡን ሳይሆን አዲሱ ትንታኔ የሚሰጠውን ትንበያ ነው።

ትንበያው ግልጽ ነው። «-ሳይ» የታወቀ ነገር ምልክት ከሆነ፣ አድማጭ ፈጽሞ ያልሰማውን ነገር በመጀመሪያ ሲነግሩት አይገባም፤ አስቀድሞ የተወራ ነገር ሲሆን ደግሞ በዋና ግስ ላይም መግባት አለበት። ግስን ወደ ስም የሚቀይር ከሆነ ግን አዲስም ሆነ የታወቀ ነገር ለውጥ የለውም፤ ቦታውን የሚወስነው ሰዋስው ነው። ሁለት በሁለት ሠንጠረዥ ይሥራ፦ አዲስ ወይም የታወቀ፣ ዋና ወይም ጥገኛ የሚመስል። አራቱም ክፍል ውስጥ «-ሳይ» ስንቴ እንደገባ ይቁጠር። አዲስ በሆነ፣ ጥገኛ በሚመስል ቦታ ደጋግሞ ከተገኘ የጸሐፊው ትንታኔ ይቸገራል።

ሰዋስው_ወዳድ

ይሄን እቀበላለሁ፤ አንደኛውን ነጥብ እንደገና ጻፍኩት፦

«‹-ሳይ›ን የታወቀ ነገር ምልክት ነው ብለዋል። ይህ ከሆነ አድማጭ ለመጀመሪያ ጊዜ በሚሰማው ነገር ላይ መታየት የለበትም። እባክዎ በመረጃዎ ያሉትን ‹-ሳይ›ዎች በሙሉ አድማጩ ነገሩን አስቀድሞ ያውቅ ነበር ወይ በሚል ይለዩና ቁጥሩን በሠንጠረዥ ያቅርቡ። የቀድሞ ትንታኔዎን የጠቀስኩት ሐሳብ በመለወጥዎ ልወቅስዎት አይደለም፤ ሁለቱ ትንታኔዎች የሚለያዩበትን ምሳሌ አንባቢ ማየት ስላለበት ነው።»

ሀናን_ቢ

ከመጀመሪያው ይሻላል፤ የመጀመሪያው «ያዝኩህ» የሚል ቃና ነበረው።

መምህር_ዘ

አንድ ጭማሪ። «-ሳይ» አንድ ቅጥያ ነው ብለን ነው ሁላችንም የምንነጋገረው። ፒራሃ የቶን ቋንቋ ነው፤ የድምፁ ከፍ ዝቅ ማለት ትርጉም ይለያል። የሥነ ልሳን ባለሙያው ዛወርላንድ ተናጋሪዎች ሲናገሩት ቶኑን ለክቶ፣ ከፍ ብሎ የሚነገርና ዝቅ ብሎ የሚነገር ሁለት የተለያየ «ሳይ» እንዳለ፣ አገልግሎታቸውም እንደሚለያይ ተከራክሯል። ይህ እውነት ከሆነ የሠንጠረዡ ቁጥር ሁሉ ሁለት ነገር በአንድ ከረጢት አድርጎ የተቆጠረ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ከመቁጠሩ በፊት ከቀረጻው ላይ የእያንዳንዱን «-ሳይ» ቶን ይለይ፤ በጽሑፍ ብቻ የተቀመጠውን፣ ድምፁ የሌለውን፣ ለብቻው ያስቀምጥ።

የቋንቋ_ጓዳ

እዚህ ላይ ግን መምህር፣ ቶኑ ከዓረፍተ ነገር መጨረሻ ዜማ የሚመጣ ሊሆን አይችልም? ንግግር ሲያልቅ ድምፅ ይወርዳል። በንግግር መጨረሻ ያለው «ሳይ» ዝቅ፣ በመካከል ያለው ከፍ ቢል ሁለት ቅጥያ ሳይሆን አንድ ቅጥያ በሁለት ቦታ ነው።

መምህር_ዘ

ሊሆን ይችላል። ለመለየት ሁለቱንም ዓይነት በመካከል ቦታ ማግኘት ያስፈልጋል፤ ልዩነቱ እዚያም ከቀጠለ ዜማ አይደለም። ከታተመው መረጃ ብቻ ይህን የሚዘጋ ነገር አላየሁም፤ በዚህ ላይ አልከራከርም።

ሰዋስው_ወዳድ

ደብዳቤው ውስጥ አራተኛ ነጥብ አድርጌ አስገብቼዋለሁ፤ በጥያቄ መልክ እንጂ በውሳኔ አይደለም። የዋርካ_ሥር «እሺ፣ ከዚያስ?» ፈተና ሁለተኛው ነጥብ መግቢያ ላይ ገብቷል። ተማሪ_ከአርባ_ምንጭ፣ የእንስራው ነገር ሲሞከር ውጤቱን እዚሁ አምጣው።

ተማሪ_ከአርባ_ምንጭ

እንስራ ሦስት አንድ ዓይነት አላገኘሁም፤ በጄሪካን ልሞክረው ነው፤ ሦስቱም ቢጫ ናቸው።

የቋንቋ_ጓዳ

ጄሪካን ይሠራል። ክዳናቸው አንድ ቀለም መሆኑን እይ።